ስክሪንሾቱ ላይ 115 ይላል፤ ገጹ ግን ስንት ነው?

የጣና_እህት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። ስለ ጣና ታንኳ የማስተርስ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛውን ምዕራፍ ለአማካሪዬ ማስገባት አለብኝ።

አንድ ጓደኛዬ ከቴሌግራም ቻናል ላይ ያገኘውን የመጽሐፍ ገጽ ስክሪንሾት ላከልኝ። ገጹ እንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ የቻናሉ ባለቤት በአማርኛ «ቺዝማን፣ ጣና ሐይቅና ዓባይ፣ 1968 ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል። ከገጹ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለ መጥቀስ እፈልጋለሁ።

የፎቶው የላይኛው ጠርዝ ተቆርጧል፤ ስለዚህ የገጹ ቁጥር አይታይም። ከታች ግን የፒዲኤፍ ማንበቢያው 115 ይላል። ዋቢ ዝርዝሬ ላይ እንዲህ አድርጌ አስገባሁት፦

```
Cheesman. (1968 E.C.). Lake Tana and Blue Nile. p. 115.
```

አማካሪዬ የሚፈልጉት ኤፒኤ የሚባለውን የዋቢ አጻጻፍ ደንብ፣ 7ኛውን እትም ነው። ይኼ ያስኬዳል?

የፔዳው_ልጅ | 3:41

እህቴ ቀላል ነው። መጀመሪያ 1968 ዓ.ም. ያለውን ወደ ፈረንጅ ቀይሪው። ስምንት ስትደምሪ 1976 ይመጣል። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የራሱ ስም የመጀመሪያ ፊደል። ገጹን መጨረሻ ላይ እንዳስቀመጥሽው ተይው። እኔም እንዲሁ ጽፌ ነው ያለፍኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ሰባታሚት_07 | 3:58

ጽሑፉን ከፎቶ ለማውጣት ከሆነ ጉግል ሌንስ ተጠቀሚ። ፎቶውን ከፍተሽ ጽሑፉን ስትመርጪ ኮፒ ያደርግልሻል። እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደዚያ ነው የገለበጥኩት።

የጣና_እህት | 4:02

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ግን መገልበጡ አልቸገረኝም፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የቸገረኝ ዋቢው ነው።

ካርድ_ካታሎግ | 4:35

ልጄ፣ ገና የሚስተካከል ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ዋቢ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በየሳምንቱ ነበር። ከዓመቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው 1976 ነው። የፔዳው ልጅ፣ አትቀየመኝ።

ቺዝማን እንግሊዛዊ ነው። ከ1925 ጀምሮ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጧል። ይቺው ከባሕር ዳር መኪና ይዘን የምንሄድባት ዳንግላ። መጽሐፉን ለንደን ላይ ማክሚላን በ1936 አወጣው። በ1968 ደግሞ ፍራንክ ካስ የሚባል የለንደን አሳታሚ መልሶ አተመው። ሁለቱም ዓመት የፈረንጅ ነው። የቻናሉ ባለቤት 1968 የሚለውን አይቶ፣ በአማርኛ ሲጽፍ እጁ ለምዶት «ዓ.ም.» ሳይጨምርበት አይቀርም። አንቺ በዚያ ላይ ስምንት ስትደምሪ ማንም ያላተመው እትም ተወለደ ማለት ነው። ፈታኝሽ የ1976ን እትም ቢፈልግ የት ያገኘዋል?

1968 ብቻ ብትጽፊም ሌላ ጣጣ አለው። አንባቢሽ ሰውየው ታንኳውን በ1960ዎቹ ያየው ይመስለዋል። ጽሑፍሽ ስለ ታንኳ አሠራር ለውጥ ከሆነ ሠላሳ ምናምን ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ኤፒኤ ዳግም ለታተመ መጽሐፍ ሁለቱንም ዓመት ያስጽፍሻል። በእጅሽ ያለው ኅትመት ዓመት ከስሙ ቀጥሎ ይገባል፤ የመጀመሪያው ዓመት የዚያው ዋቢ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ገጹ። ኤፒኤ ለሙሉ መጽሐፍ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ የገጽ ቁጥር አያስገባም። ዝርዝሩ የሚናገረው የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ነው። ገጹ የሚገባው ጽሑፍሽ ውስጥ፣ ጥቅሱ ሲያልቅ ካለው ቅንፍ ነው። ከአንድ መጽሐፍ ዐሥር ቦታ ብትጠቅሺ ዐሥር ቅንፍ ይኖርሻል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን መጽሐፉ አንዴ ብቻ ይገባል። እንዳንቺ አጻጻፍ ቢሆን ግን ለያንዳንዱ ገጽ አዲስ መስመር ልትጽፊ ነው።

ስለ 115 ግን እርግጠኛ አትሁኚ። እሱ ፋይሉ የቆጠረው ቁጥር ነው እንጂ መጽሐፉ ላይ የታተመ አይደለም። ፋይሉ ሽፋኑንም፣ ባዶውንም ገጽ፣ መቅድሙንም ይቆጥራል። ስክሪንሾቱን ትተሽ ፋይሉን ፈልጊ።

ዓባይ_ማዶ | 5:10

ቆይ፣ ዝርዝሩ ላይ ገጽ በጭራሽ አይገባም ማለት ነው? እኔ ዝርዝሬ ላይ pp. ብዬ የጻፍኳቸው አሉ፤ አማካሪዬም ትክክል ነው ብለውኛል።

ካርድ_ካታሎግ | 5:18

የተለያዩ ሰዎች ምዕራፍ ምዕራፍ ከጻፉት ስብስብ መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ከጠቀስክ ይገባል። ያኔ የምትጽፈው ምዕራፉ ከየት ገጽ እስከ የት ገጽ እንደሆነ ነው እንጂ ያነበብካትን አንዲት ገጽ አይደለም። የመጽሔት ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ግን pp. የሚለው ይቀራል፣ ቁጥሩ ብቻ ይጻፋል። የእህታችን መጽሐፍ አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፈው ስለሆነ አይመለከታትም።

የፔዳው_ልጅ | 5:25

ጋሼ፣ ስለ ዓመቱ ተሸነፍኩ፣ እሽ። ግን የኛ ትምህርት ክፍል ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ገጽ ካልጻፍክ ይመልስብሃል። መምህራኑ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚጽፉት። ታዲያ የቱን እንስማ?

ካርድ_ካታሎግ | 5:31

የጽሑፍ መመሪያ ካላቸው እሱን ተከተል። ከሌላቸው ግን ልማድ ነው፤ ኤፒኤ ነው አትበሉት።

የጣና_እህት | ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4:15

ፋይሉን አገኘሁት! ጓደኛዬ የቻናሉን አድራሻ ሰጠኝ፤ ወደ ላይ ስወጣ ሙሉው ፒዲኤፍ አለ። የውስጥ ሽፋኑ ላይ ፍራንክ ካስ፣ 1968 ይላል። ከጀርባው ባለው ገጽ ደግሞ የመጀመሪያው እትም 1936 ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው።

አሁን የገጹ ነገር። የታተመው ገጽ 1 ፋይሉ ላይ 19 ነው። ስለዚህ ልዩነቱ 18 ነው። ከ115 ላይ 18 ስቀንስ 97 ይመጣል። ገጽ 97 ብዬ ልጻፍ?

ካርድ_ካታሎግ | 4:40

ፋይሉ በእጅሽ እያለ ምን መቀነስ ያስፈልጋል ልጄ! 115ኛው ላይ ሂጂና ጠርዙን እዪው።

የጣና_እህት | 4:52

ኧረ ጉድ! 93 ነው የሚለው። 97 አይደለም። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ካርድ_ካታሎግ | 5:05

ከገጽ 1 ጀምሮ እየገለበጥሽ ነይ። በመካከሉ ፎቶ ብቻ ያለባቸው ቁጥር የሌላቸው ገጾች ታገኛለሽ።

የጣና_እህት | 5:20

አዎ፣ አሉ። ሁለት ቅጠል ፎቶ አለ፤ አራት ገጽ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፎቶ እስኪመጣ ልዩነቱ 18 ነው። ከመጀመሪያው ቅጠል በኋላ 20 ይሆናል። ከሁለተኛው በኋላ 22። ከ115 ላይ 22 ሲቀነስ 93! አሁን ገባኝ።

ካርድ_ካታሎግ | 5:34

እሱ ነው። የድሮ የጉዞ መጻሕፍት ፎቶውን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ለብቻው አትመው መሃል ላይ ያስገቡ ነበር። እነዚህ ቅጠሎች ገጽ ቁጥር አይሰጣቸውም፤ የጽሑፉ ቁጥር እነሱን ዘሎ ይቀጥላል። ስካን የሚያደርገው ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ያነሳል፣ ፋይሉም ሁሉንም ይቆጥራል። ስለዚህ ልዩነቱ በየመንገዱ ይጨምራል። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያገኘሽውን ልዩነት ይዘሽ መሃል ላይ ብትቀንሺ መሳሳትሽ አይቀርም።

የገጹ ቁጥር በስካኑ ላይ ጨርሶ ከተቆረጠ ደግሞ በፊቱና በኋላው ያሉትን ገጾች እዪ። 92 እና 94 ከሆኑ መሃሉ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጎዶሎ ቁጥር ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እንደሚውልም አትርሺ። ገጹ የግራ ገጽ ሆኖ 93 የሚል ከመጣልሽ አንድ ቦታ ተሳስተሻል።

እመት_ዘጌ | 6:10

ይቅርታ ልጆች፣ የኔ ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል። እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ስለ አካባቢያችን ታሪክ ለማኅበራችን መጽሔት እየጻፍኩ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ ልጄ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከግርጌው ቁጥር የለም፤ «ሐ» የሚል ፊደል ብቻ አለ። ዓመቱ ደግሞ ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. ነው። አጋጣሚ ሆኖ ያው የናንተው 1968! ይኼንንስ ወደ ፈረንጅ ልቀይረው? የደራሲውን ስምስ የአባቱን ላስቀድም?

ካርድ_ካታሎግ | 6:45

እመት፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። «ሐ» የገጹ ቁጥር ነው። የኛ አሳታሚዎች መቅድሙን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይቆጥሩና ዋናው ጽሑፍ ሲጀምር 1 ይላሉ። እንዳለ «ገጽ ሐ» ብለው ይጻፉት። ወደ 3 አይቀይሩት፤ አንባቢው ዋናው ጽሑፍ ላይ ያለው ገጽ 3 ሄዶ ይፈልገዋል።

የርስዎ 1968 እውነተኛ ዓ.ም. ነው። በአማርኛ ለሚወጣ መጽሔት ስለሚጽፉ እንዳለ ይተውት፤ ከፈለጉ ቁጥሩን ብቻ ከግዕዙ ወደ 1968 ይመልሱት። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ መቀየሩ ይመጣ ነበር፤ እሱም ቢሆን ችግር አለው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የታተመ 1975 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው 1976። መጽሐፉ ወሩን ካልጻፈ ማወቂያ የለም። የፔዳው ልጅ «ስምንት ደምሪ» ያለው በዚህም በኩል ግማሽ እውነት ነው።

ስሙን አይገለብጡት። የኛ ሰው ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ደራሲው ለምሳሌ አበበ ከበደ ቢባል ዝርዝሩ ላይም «አበበ ከበደ» ይሁን፣ በ«አ» ተርታ ይቀመጥ። «ከበደ፣ አ.» ብለው ከጻፉ አባቱን ደራሲ አደረጉት።

ዓባይ_ማዶ | 7:02

እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። እኔ የላክሁት የውጭ መጽሔት የኢትዮጵያውያንን ስም ሁሉ ገልብጦ ነው ያወጣው። እዚህ አገር ያለነው ሳንገለብጥ ብንጽፍ፣ ያው ደራሲ በሁለት ስም ይበተናል። ፍለጋ ላይ አይገጣጠምም።

ካርድ_ካታሎግ | 7:15

እሱም እውነት ነው፤ ክርክሩም ያላለቀ ነው። ለውጭ መጽሔት ከሆነ የነሱን ሕግ ተከተል። እኔ ግን እዚህ ለሚነበብ ነገር አልገለብጥም።

የፔዳው_ልጅ | 8:20

ዞቴሮ የሚባለውን የዋቢ መመዝገቢያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር ልናገር፣ የኔም ኃጢአት ነው። መጽሐፍ ሲመዘገብ `# of Pages` የሚል ሳጥን አለ። እኔ የጠቀስኩትን ገጽ እዚያ እየሞላሁ ነበር። ከዚያ ጽሑፌ ውስጥ ገጹ አይወጣም፣ ዝርዝሩ ላይም አይወጣም። ፕሮግራሙ ተበላሸ ብዬ ሦስቴ አጥፍቼ ጭኜዋለሁ። ለካ ያ ሳጥን የመጽሐፉ ጠቅላላ ገጽ ብዛት ነው! ባለ ብዙ ገጹን መጽሐፍ ሁሉ ባለ 40 ገጽ ቡክሌት አድርጌው ነበር። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ገጹን በእጄ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው።

የጣና_እህት | 8:31

እኔም ዞቴሮ ነው የምጠቀመው። ታዲያ 93 የት ይሞላል? 1936ስ?

የፔዳው_ልጅ | 8:44

93ን መጽሐፉ መዝገብ ላይ አትሙይው። ወርድ ላይ ጥቅሱን ስታስገቢ ስሙ በትንሽ ሳጥን ይመጣል አይደል? እሱን ስትጫኚው የገጽ መሙያ ይከፈታል፤ 93 እዚያ ይገባል። ለ1936 ደግሞ የመጽሐፉን መዝገብ ክፈችና `Extra` የሚለው ሳጥን ውስጥ ይቺን ጻፊ፦

```
original-date: 1936
```

ኤፒኤ ከመረጥሽ ሁለቱንም ዓመት ራሱ ያወጣዋል። ለኢትዮጵያዊ ደራሲ ደግሞ ከስሙ ጎን ባለችው ምልክት ወደ አንድ ሳጥን ቀይሪው፤ አይገለብጠውም።

ሰባታሚት_07 | 9:05

እኔ የገለበጥኩትን ምዕራፍ ዛሬ ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ሌንሱ የገጹን ራስጌ ከዓረፍተ ነገሩ መሃል ከትቶታል። መስመር መጨረሻ ላይ በሰረዝ የተቆረጡትንም ቃላት እንደተቆረጡ ነው ያመጣቸው። እየጠቀሳችሁ ከሆነ ቃል በቃል አመሳክሩ።

እመት_ዘጌ | 9:20

የኛስ ፊደል! ልጄ ሞክራው «ጸ»ን እና «ጻ»ን አምታታው።

የጣና_እህት | ከምሽቱ 2:10

ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ጨረስኩት። እዩልኝ። ዝርዝሩ ላይ፦

```
Cheesman, R. E. (1968). Lake Tana & the Blue Nile: An Abyssinian quest.
Frank Cass. (Original work published 1936)
```

ርዕሱን ወርድ ላይ ኢታሊክ አድርጌዋለሁ። ጽሑፉ ውስጥ ከጥቅሱ ቀጥሎ፦

```
(Cheesman, 1936/1968, p. 93)
```

ጋሼ፣ ለንደን የሚለውን አልጻፍኩም። 7ኛው እትም የኅትመት ቦታ አያስፈልግም ይላል፣ አይደል?

ካርድ_ካታሎግ | 2:25

አያስፈልግም። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የራሱ የቺዝማን ናቸው ወይስ እሱም ከሌላ ሰው የጠቀሳቸው? የጉዞ ጸሐፊ ከሱ በፊት የመጣውን መጥቀስ ይወዳል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ከሆኑ፣ ወይም አንቀጹ ገባ ብሎ በትንሽ ፊደል ከተጻፈ፣ ባለቤቱ ሌላ ነው።

የጣና_እህት | 2:33

አየሁት፤ የራሱ ነው። ጥቅስ ምልክት የለውም፣ ከላይ ካለው ትረካ ጋር ይያያዛል።

ዓባይ_ማዶ | 2:50

የመጨረሻ ጥያቄ ከኔ። እሷ የ1968ቱን ነው ያየችው። የ1936ቱን እትም የያዘ ፈታኝ ገጽ 93 ላይ ያገኘዋል?

ካርድ_ካታሎግ | 3:04

ዳግም ኅትመቱ የድሮውን ገጽ ፎቶ አንስቶ የታተመ ከሆነ ያገኘዋል። ፊደሉ እንደገና ተለቅሞ ከሆነ ላያገኘው ይችላል። የሁለቱን አንድ ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ መስመሮቹ የሚያልቁበትን ቃል ማየት ነው፤ ሁሉም ከገጠሙ ያው ገጽ ነው። እሷ ግን ያየችውን እትም ስለጻፈች ዕዳ የለባትም።

የጣና_እህት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:40

ዜና አለኝ። አማካሪዬ ምዕራፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ሁለቱን ዓመት ሲያዩ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ሳስረዳቸው ወደዱት። ከዚያ ዋቢ ዝርዝሩ ላይ ደረሱና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ገጹን ለምን እዚህ አልጻፍሽም?»

የፔዳው_ልጅ | 6:43

😂😂 አላልኩም!

ካርድ_ካታሎግ | 7:10

የትምህርት ክፍሉን የጽሑፍ መመሪያ በትሕትና ጠይቂያቸው። እዚያ ውስጥ ካለ ጻፊው።

የጣና_እህት | 7:22

ጠየቅኳቸው ጋሼ። ጸሐፊዋ ጋ ነው አሉኝ። ጸሐፊዋ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼው አልተመለሰም አለች። ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ።